አሠራሩ ሲያጥር ደቂቃው እንዳይጠፋ

የምግብ አሠራር በሁለት መልክ ይደርሰናል። አንዱ ሙያ ያለው ሰው እንደ ወሬ የሚነግረን ረጅሙ ነው። ሌላው ማድቤት ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው፣ በአንድ እጃችን ማማሰያ ይዘን በዓይናችን የምንቃኘው አጭሩ ነው። ረጅሙን ወደ አጭሩ ማምጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሲያጥር ወሬው ብቻ ሳይሆን ወጡም አብሮ ይጎድላል፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ደቂቃውና ልኩም ተቆርጦ ይወጣልና።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የድሮዎቹ የአውሮፓ የምግብ መጻሕፍት አሠራሩን እንደ ትረካ ያወርዱት ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሙሉውን ማንበብ ግድ ነበር። እንግሊዛዊቷ ኤላይዛ አክተን በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ከእያንዳንዱ አሠራር ግርጌ ልኩንና ጊዜውን ለብቻ ጠቅለል አድርጋ አስቀመጠች። ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ልኩን ከግርጌ ወደ ራስጌ አወጣችው። አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር ደግሞ በ1896 ማንኪያና ኩባያ አፉ ድረስ ተስተካክሎ እንዲለካ አጥብቃ አስተማረች። ሦስቱም የተረዱት አንድ ነገር አለ፤ ትረካው ሲያጥር ቁጥሩ የራሱ ማረፊያ ቦታ ይፈልጋል።

ይህንን በተግባር ለማየት ዶሮ ወጥን እንውሰድ። ሰዓት የሚፈጅ፣ ቅቤና ጨው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚገባበት፣ ድስቱ ተጥዶ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ የሚሠራበት ስለሆነ ማሳጠርን ይፈትናል። ከቤት ርቃ ለምትኖር ልጅ እናት የምትጽፍላት ዓይነት አሠራር እንዲህ ይሆናል፦

«ልጄ፣ ወጡን የሚያጣፍጠው ሽንኩርቱ ነውና አትቸኩዪ። አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊና ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አቁላዪው። እጅሽ ከማማሰያው አይለይ። ውሃውን መጥጦ ቡናማ እስኪል አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያን ጊዜ ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምሪና አስር ደቂቃ አቁላዪ። ቀጥሎ መቶ ሃያ ግራም በርበሬ ትጨምሪና እንዳያርብሽ በየአምስት ደቂቃው ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ግማሽ ሰዓት ታቁላያለሽ፤ ለዚህ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃሻል። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ሲጠፋ፣ ካዘጋጀሽው ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አራቱን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል ጨምረሽ አስር ደቂቃ አቆዪው። ዶሮዋን ረስቼ! ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሳለ አስራ ሁለቱን ብልት አውጥተሽ፣ በሁለት ሎሚና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ደጋግመሽ አጥበሽ አጠንፍፊያት። ድስቱ ውስጥ ስትገባ ሁለት ኩባያ ሙቅ ውሃ ጨምሪ። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነች ሃያ ደቂቃ ተከድና፣ ሃያ ደቂቃ ሳትከደን ይበቃታል፤ የሐበሻ ከሆነች ግን የተከደነውን ወደ አንድ ሰዓት አድርሺው። ስድስት እንቁላል ቀቅለሽ ልጠሽ አስቀምጪ። በመጨረሻ መከለሻ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ የቀረውን ቅቤና እንቁላሉን ጨምረሽ በለስላሳ እሳት አስር ደቂቃ አቆዪው። ካወረድሽ በኋላ ትንሽ ይረፍ።»

መልካም አሠራር ነው፤ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው። ሆኖም ሽንኩርቱ እያረረ ይህን ሁሉ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ልጅቷ ወረቀት አንስታ ታሳጥረዋለች። በችኮላ ሲያጥር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦

1. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላ።
2. ዘይትና በርበሬ ጨምረህ አቁላላ።
3. ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምር።
4. ዶሮዋን በሎሚና በጨው አጥበህ ጨምር።
5. እስክትበስል ጠብቅ።
6. መከለሻ፣ ጨውና እንቁላል ጨምረህ አውርድ።

ሲታይ ንጹሕ ነው፤ የቀረ ቅመምም ያለ አይመስልም። ከእናትየው ጽሑፍ ጋር ስናስተያየው ግን ጉዳቱ ይታያል። በተራ 2 ዘይቱና በርበሬው በአንድ ስለታጨቁ ሽንኩርቱ ከዘይቱ ጋር ብቻውን የሚቆይባቸው 10 ደቂቃዎች ጠፍተዋል። በርበሬውን ከማረር የሚያድነው ሙቅ ውሃም የለም። በተራ 3 ቅቤው ሙሉ በሙሉ ስለገባ ለማውጫ የሚቀር የለም። ከሁሉ የከፋው ተራ 4 ነው። ወረቀቱን ተከትሎ የሚሠራ ሰው ዶሮዋን ማጠብ የሚጀምረው ቁሌቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የመዘፍዘፊያው ግማሽ ሰዓት መዘለሉን ካስታወሰ ደግሞ ድስቱን አውርዶ ሊጠብቅ ነው። በተራ 6 ላይ እንቁላሉ ተቀቅሎ የተላጠ ይሁን ጥሬ፣ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

እንዲህ እንዳይሆን ከማሳጠር በፊት አንድ ሥራ አለ፤ መቁጠር። እርሳስ ይያዙና በረጅሙ ጽሑፍ ላይ ልክ በሆነ ቃል ሁሉ ሥር ያስምሩ፤ ደቂቃና ሰዓት የሆነውን ደግሞ ያክብቡ። እዚህ ላይ ዓይን የሚያልፋቸው «ግማሽ»፣ «ተኩል»፣ «አራቱን» እና «በየ» የሚሉት ናቸው፤ በፊደል ስለተጻፉ እንደ ቁጥር አይታዩም። የእናትየውን ጽሑፍ በዚህ መንገድ ስንመረምረው 15 ልኮችና 10 ጊዜዎች እናገኛለን። ድምሩን በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፉት። አጭሩ ሲያልቅ እነዚህ 25 ቁጥሮች በሙሉ በውስጡ ሊገኙ ይገባል። አንዱ ከጎደለ የት እንደወደቀ መፈለግ እንጂ «ግድ የለም» ማለት የለም።

ከቆጠራው በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚገቡትን ለይተው ያውጡ። በዚህ አሠራር ሦስት ናቸው፤ ቅቤ፣ ጨውና ሙቅ ውሃ። ቅቤው 6 የሾርባ ማንኪያ ሆኖ 4ቱ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር፣ የቀረው በመጨረሻ ይገባል። እናትየው «የቀረውን» ብላ አልፋለች፤ በአጭሩ ላይ ግን «2» ተብሎ መጻፍ አለበት። ማድቤት ውስጥ ያለ ሰው ወደ ላይ ተመልሶ መቀነስ የለበትም። ሙቅ ውሃው 1 ኩባያ ለበርበሬው፣ 2 ኩባያ ለዶሮዋ ነው። ለበርበሬው የሚሆነው በየ5 ደቂቃው ጠብ የሚደረግ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ያህል ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 3 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። «1 ኩባያ ውሃ ጨምሩ» ተብሎ ቢያጥር ልኩ አልጠፋም፤ በርበሬው ግን መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። አንድ ልክ ሙሉ የሚሆነው እንዴት እንደሚገባም ሲነገር ነው።

የጨው ነገር የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለማጠቢያው 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለወጡ 1½ የሻይ ማንኪያ ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ ሁለቱንም «ማንኪያ» ብሎ የጻፈ ሰው ወጡ ውስጥ የሚገባውን ጨው በሦስት እጥፍ ሊያበዛው ነው። «ሻ.ማ.» እና «ሾ.ማ.» ብሎ ማሳጠርም አደጋ አለው፤ በእንፋሎት በረጠበ ወረቀት ላይ «ሻ» እና «ሾ» ይምታታሉ። እነዚህን ሁለት ስሞች ሙሉ መጻፍ ይሻላል። «ኩባያ»ም ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከዝርዝሩ ራስ ላይ አንድ ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር መሆኑን መናገር ይበቃል።

ጊዜን በተመለከተ በእናትየው ጽሑፍ ውስጥ ደቂቃው ብቻውን አይመጣም። «አርባ ደቂቃ ያህል» ስትል «ውሃውን መጥጦ ቡናማ እስኪል» ትላለች፤ «ግማሽ ሰዓት» ስትል «ጥሬ ሽታው ሲጠፋ» ትላለች። የሚያሳጥር ሰው ከሁለቱ አንዱን መጣል ይቃጣዋል፤ ደቂቃው ካለ ምልክቱ ትርፍ ይመስላልና። ግን ሥራቸው የተለያየ ነው። ደቂቃው መቼ ማየት እንደሚጀመር ይናገራል፤ ምልክቱ መቼ ወደሚቀጥለው እንደሚታለፍ ይወስናል። ሽንኩርቱ ብዙ ውሃ ከያዘ፣ ድስቱ ጠባብ ከሆነ ወይም ምድጃው ደከም ካለ 40ው ደቂቃ ወደ 55 ሊሄድ ይችላል። ምልክቱ የሌለው ወረቀት ያልደረሰ ሽንኩርት ላይ ዘይት ያስጨምራል። ደቂቃው የሌለው ወረቀት ደግሞ ጀማሪውን በ15 ደቂቃ ውስጥ «ቡናማ ሆነ» ያሰኘዋል፤ ያ ግን እሳቱ ስለበዛ ጠርዙ የተቃጠለ እንጂ የተቁላላ አይደለም።

የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ ጉዳይም እዚህ ይመጣል። የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ በፈረንጅ ዶሮ ደቂቃ አትበስልም። «ከሆነች» የሚል ቃል ባለበት ቦታ ሁሉ ሁለት ጊዜ ወይም ሁለት ልክ አለ ማለት ነው። የሚያሳጥር ሰው ለራሱ የሚሆነውን አንዱን ብቻ ይይዝና ሌላውን ይጥላል፤ ወረቀቱ ወደ እህቱ ወይም ወደ ጎረቤቱ ሲተላለፍ ግን ሌላኛዋ ዶሮ ትመጣለች። ሁለቱንም በዚያው ተራ፣ በቅንፍ ማኖር ከአንድ መስመር አይበልጥም።

እናትየው ራሷ ያልተናገረችው ጊዜም አለ፤ የእንቁላሉ። «ቀቅለሽ» ብላ አልፋዋለች። የሚያሳጥር ሰው የጎደለ ቁጥር ሲያገኝ ሁለት መንገድ አለው፤ ባለቤቱን መጠየቅ፣ ወይም ከራሱ የጨመረው መሆኑን ምልክት አድርጎ መጻፍ። ዝም ብሎ «10 ደቂቃ» ቢሞላበት ከባለቤቷ ቃል ጋር ይቀላቀልና ማን እንዳለው አይታወቅም። በተለይ እንቁላል አገር ይለያል። ባሕር ጠለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለች ልጅ 10 ደቂቃ የሚበቃው ጠንካራ እንቁላል አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምራል። በፈላ ውሃ የሚበስለው ሌላውም፣ ምስሩም ሥጋውም፣ በዚሁ ምክንያት ደጋ ላይ ይዘገያል። አሠራሩ ከአገር ወደ አገር በሚላክበት ቤት «ይህ ደቂቃ የአዲስ አበባ ነው» የሚል አንድ መስመር ከራስጌው ላይ ቢጻፍ ብዙ ጥያቄ ይቀንሳል።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ወደ ቅደም ተከተል እንሂድ። ሰው ሲያወራ እንደ ትዝታው ነው የሚሄደው፤ «ዶሮዋን ረስቼ!» የሚለው ከመካከል የመጣው ለዚህ ነው። ተራ ቁጥር ግን የሰዓትን ሥርዓት እንጂ የትዝታን አይከተልም። እናትየው ዶሮዋ «ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሳለ» ትታጠብ ትላለች፤ በዚያው ጽሑፍ «እጅሽ ከማማሰያው አይለይ» ብላለች። ሁለት ሰው ካለ ይቻላል። ብቻዋን ለምትሠራ ልጅ ግን ሁለቱ ትእዛዞች ይጋጫሉ። መፍትሔው መዘፍዘፉን ከእሳቱ በፊት ማምጣት ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት በደቃቁ መክተፍ ራሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ዶሮዋ ተዘፍዝፋ ትቆያለች፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል። ከዚያ ታጥባ ተጠንፍፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ድስቱ እስኪደርስላት አንድ ሰዓት ተኩል አለና ከውጭ መዋል የለባትም። እዚህ ላይ ቦታው ተቀየረ እንጂ 30 ደቂቃው፣ 2ቱ ሎሚና 2ቱ የሾርባ ማንኪያ ጨው እንዳሉ ናቸው። የሚያሳጥር ሰው ተራውን የመለወጥ መብት አለው፤ ቁጥሩን የመለወጥ ግን የለውም።

አንድ ተራ የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል? ጠቃሚው መለኪያ ሰዓት ነው። አዲስ ደቂቃ መቁጠር የሚጀመርበት ቦታ ሁሉ አዲስ ተራ ይሁን። ዘይቱና በርበሬው አንድ ላይ መጻፍ የማይገባቸው የየራሳቸው ደቂቃ ስላላቸው ነው። በአንጻሩ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአንድ ጊዜ ገብተው አብረው 10 ደቂቃ ስለሚቆዩ አንድ ተራ ይበቃቸዋል። ጎን ለጎን የሚሠራ ነገር ካለ ለብቻው ተራ አይሰጠው፤ ተራ ቁጥር «ይህ ካለቀ በኋላ» ማለት ስለሆነ ያሳስታል። በሚሠራበት ተራ መጨረሻ ላይ «በዚህ ጊዜ» ተብሎ ይግባ። ድስቱ ተከድኖ እጅ ነጻ የሚሆንበት 20 ደቂቃ ለእንቁላሉ ተመቻችቷል።

እንዲህ ተደርጎ ያጠረው አሠራር ይህን ይመስላል፦

የሚያስፈልገው (1 ኩባያ = 250 ሚሊ ሊትር)፦ ዶሮ 1፤ ቀይ ሽንኩርት 1½ ኪሎ፤ በርበሬ 120 ግራም፤ ዘይት ½ ኩባያ፤ ቅቤ 6 የሾርባ ማንኪያ (4+2)፤ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ዝንጅብል 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ሎሚ 2፤ ጨው ለማጠቢያ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለወጡ 1½ የሻይ ማንኪያ፤ ሙቅ ውሃ 3 ኩባያ (1+2)፤ እንቁላል 6፤ መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ።

1. የዶሮዋን 12 ብልት ያውጡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በ2 ሎሚና በ2 የሾርባ ማንኪያ ጨው 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። በዚህ ጊዜ ሽንኩርቱን በደቃቁ ይክተፉ።
2. ዶሮዋን ደጋግመው ያጥቡ፣ ያጠንፍፉ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ።
3. 1½ ኪሎ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ 40 ደቂቃ ያህል ያቁላሉ፤ ውሃውን መጥጦ ቡናማ እስኪል።
4. ½ ኩባያ ዘይት ይጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ያቁላሉ።
5. 120 ግራም በርበሬ ይጨምሩ፤ በየ5 ደቂቃው ከ1 ኩባያ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ 30 ደቂቃ ያቁላሉ፤ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ።
6. 4 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርትና 1 የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል ይጨምሩ፤ 10 ደቂቃ።
7. ዶሮዋንና 2 ኩባያ ሙቅ ውሃ ይጨምሩ፤ ከድነው 20 ደቂቃ (የሐበሻ ዶሮ ከሆነች 1 ሰዓት)። በዚህ ጊዜ 6 እንቁላል ቀቅለው ይላጡ (ደቂቃው አልተነገረም፤ ይጠየቅ)።
8. ክዳኑን ያንሱ፤ 20 ደቂቃ።
9. 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ 1½ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤና እንቁላሉን ይጨምሩ፤ በለስላሳ እሳት 10 ደቂቃ። አውርደው ትንሽ ያሳርፉ።

አሁን ሦስት ማጣሪያ ይቀራል። የመጀመሪያው በወረቀቱ ጥግ ላይ የጻፍነው 25 ነው፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ በረጅሙ ላይ ያሰመሩትን ይሰርዙ። ሁለተኛው የዝርዝሩ ሒሳብ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ በተራዎቹ ውስጥ ገብቶ ማለቅ አለበት፤ ቅቤው 4ና 2 ሆኖ 6 ይሞላል፣ ውሃው 1ና 2 ሆኖ 3 ይሞላል። ሦስተኛው የሰዓቱ ድምር ነው። ከተራ 3 እስከ 9 ያሉትን ደቂቃዎች ስንደምር 140 ይሆናሉ፤ እሳት ላይ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት ነው። ከመዘፍዘፊያው ጋር ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል፤ ለሐበሻ ዶሮ 40 ደቂቃ ይጨመራል። ይህ ድምር በረጅሙ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ከላይ ቢጻፍ እንግዳ ለ7 ሰዓት የጠራች ልጅ ሥራውን ከ4 ሰዓት በፊት መጀመር እንዳለባት ትረዳለች። ድምሩ ከእውነተኛው ሥራ በጣም አንሶ ከተገኘ ደግሞ አንድ ደቂቃ የሆነ ቦታ ወድቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ተራ ወረቀት ቢደመር ዜሮ ነበር የሚሆነው።

«ትንሽ ያሳርፉ» የሚለው ግን እንዳለ ቀርቷል። ሁሉን በቁጥር ለመሙላት ሲባል «5 ደቂቃ» ማለት ይቻል ነበር፤ እናትየው ግን አላለችም፤ ጥቂት ቢያንስ ወይም ቢበዛም ወጡን አይጎዳውም። ማሳጠር ያለውን ቁጥር ሁሉ መጠበቅ ነው፤ የሌለውን መፍጠር አይደለም። ስለዚህ ረጅሙ ጽሑፍ አይጣልም፤ በአጭሩ ጀርባ ላይ ይገልበጥ ወይም አብሮ ይታጠፍ። ወጡ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር «የቱ ተራ ላይ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አጭሩ ይበቃል፤ «ለምን?» ለሚለው ግን መልሱ ያለው በረጅሙ ውስጥ ነው።